የጣና ዳሩ ውሻ የተማራቸው ሁለት ነገሮች፦ ክላሲካልና ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ የሚለያዩበት ቦታ

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። ጠቅላላ ሥነ ልቦና የሚወስድ ተማሪ ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ ምንድን ነው ሲባል «ፓቭሎቭ፣ ውሻ፣ ደወል፣ ምራቅ» ይላል። ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ ሲባል ደግሞ «ስኪነር፣ አይጥ፣ ማንሻ፣ ሽልማት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱንም በቃሉ ይዟቸዋል። ፈተናው ላይ ግን ደወልም ማንሻም የሌለበት ምሳሌ ይመጣና እጁ ይቆማል። «አንድ ሕፃን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር ያለቅሳል፤ ይህ የትኛው ነው?» ሲባል ከክፍሉ ገሚሱ አንዱን፣ ገሚሱ ሌላውን ይመርጣል፤ ሁለቱም ወገን ለምን እንደመረጠ ሲጠየቅ ጥርት ያለ ምክንያት የለውም። ወደዚህ ሕፃን መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ችግሩ ተማሪዎቹ ስላላጠኑ አይደለም። ልዩነቱን በምሳሌው ዕቃ ነው የያዙት። ደወል ካለ ክላሲካል፣ ሽልማት ካለ ኦፐራንት ይላሉ። ልዩነቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ይሻላል።

አሳ አጥማጆች ጠዋት ታንኳቸውንና ጀልባቸውን ዳር አስጠግተው ያጠመዱትን በሚያወርዱበት አንድ ቦታ ላይ አንድ ቡናማ ውሻ አለ። ባለቤት የለውም፤ ሁሉም «ቡቺ» ይለዋል። አንድ ወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጣውላ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ያጸዳል። መጀመሪያ በቢላው ጀርባ ቅርፊቱን ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ ይፍቃል፤ ሻካራ ድምፅ አለው፣ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ሆዱን ቀድዶ ሆድ ዕቃውን ያወጣና ወደ ጎን ይወረውራል። ውሻው የሚጠብቀው ይቺን ውርወራ ነው።

አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ተመለከትኩት። ውሻው ከአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነበር። የቢላው የመፋቅ ድምፅ ሲጀምር ጆሮው ቆመ፤ ገና ከቦታው ሳይነሳ ምላሱን በከንፈሩ ዙሪያ አዞረ፤ ከአፉ ጠርዝ ቀጭን የምራቅ ክር ወረደ። ከዚያ ተነስቶ መጣና ከልጁ ሁለት እርምጃ ርቆ በኋላ እግሮቹ ቁጭ አለ። ጅራቱ መሬቱን ይጠርጋል እንጂ ሌላ አይንቀሳቀስም። ልጁ ሆድ ዕቃውን ወረወረለት።

«ለምን ቁጭ ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቁጭ ካላለ አልሰጠውማ፣ መምህር። በፊት ጣውላው ላይ ዘሎ ይወጣብኝ ነበር፤ አሳውን በሙሉ አሸዋ ያለብሰዋል። ቁጭ ሲል ብቻ መስጠት ስጀምር ለመደ።»

በዚህች አምስት ደቂቃ ውስጥ ውሻው ሁለት ትምህርቶችን አሳይቶኛል። ምራቁ አንድ ነው፣ ቁጭ ማለቱ ሌላ። ሁለቱንም ያመጣው ያው አሳ፣ ያው ቢላ፣ ያው ልጅ ነው። ስለዚህ «ምግብ ካለ ኦፐራንት ነው» የሚለው መለያ እዚህ ምንም አይረዳንም።

ልዩነቱ ምግቡ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። በመጀመሪያው ትምህርት የቢላው ድምፅ የሆድ ዕቃውን መምጣት ያበስራል። ውሻው ምራቁን ቢያዝረበርብም ባያዝረበርብም ለልጁ ለውጥ የለውም፤ ልጁ የውሻውን ምራቅ አይቶ አይሰጥም። ምራቁ ለምልክቱ የተሰጠ ምላሽ ነው። በሁለተኛው ትምህርት ግን ምግቡ የተንጠለጠለው በውሻው አድራጎት ላይ ነው። ቁጭ ካለ ይመጣል፤ ካላለ አይመጣም። ውሻው ራሱ ሠርቶ ያመጣዋል። «ኦፐራንት» የሚለው ስምም የመጣው ከዚህ ነው፤ በአካባቢው ላይ የሚሠራ፣ አንድ ነገር የሚያስከትል አድራጎት ማለት ነው።

ከዚህ የምትወጣ አንዲት ጥያቄ አለች፤ ተማሪዎቼ ደብተራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲጽፏት አደርጋለሁ፦ «እንስሳው ምንም ባያደርግ ኖሮ ነገሩ ይመጣ ነበር?» መልሱ «አዎ፣ ይመጣ ነበር» ከሆነ ክላሲካል ነው። «አይ፣ አይመጣም ነበር» ከሆነ ኦፐራንት ነው።

አሁን ወደ ፓቭሎቭ እንመለስ፤ አሁን የምናነበው በሌላ ዓይን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኢቫን ፓቭሎቭ የምግብ መፈጨትን የሚያጠና ሩሲያዊ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበር፤ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። የውሻውን የምራቅ ቱቦ በቀዶ ሕክምና ወደ ጉንጩ ውጭ አዙሮ ጠብታውን ይለካ ነበር። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ ምራቃቸው እየቀደመ ሲያስቸግረው ጊዜ ነው ነገሩን ራሱን ማጥናት የጀመረው። በደወሉ ቢታወቅም ሜትሮኖምና ሌሎች ድምፆችንም ተጠቅሟል። ሙከራው ውስጥ ልብ ማለት ያለብን ነገር ግን ይህ ነው፤ ውሻው በማሰሪያ ታስሮ ቆሟል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ምግቡ ይመጣል። ውሻው ምግቡን ለማምጣት የሚያደርገው ነገር የለም።

ከኮርሱ ሞጁል ጋር እንዲገጥምላችሁ ስሞቹን በጣና ዳሩ ውሻ ላይ ልለጥፋቸው። የአሳው ሆድ ዕቃ ያለ ምንም ትምህርት ምራቅ ያመጣል፤ እሱ አንኮንዲሽንድ ስቲሙለስ ነው፤ የሚያመጣው ምራቅ ደግሞ አንኮንዲሽንድ ሪስፖንስ። የቢላው ድምፅ መጀመሪያ ለውሻው ምንም አልነበረም። ከሆድ ዕቃው ቀድሞ እየተሰማ ሲደጋገም ግን ብቻውን ምራቅ ማምጣት ጀመረ፤ ያኔ ኮንዲሽንድ ስቲሙለስ ሆነ፣ ለእሱ የሚወርደው ምራቅም ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ። አራቱ ስሞች እነዚህ ናቸው። ስሞቹን የምትሰጡት ከጥያቄዋ በኋላ ነው፤ ብዙ ተማሪ ቀድሞ አራቱን ሳጥን ስሎ ቁጭ ማለቱን ሳይቀር «ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ» ብሎ ይሞላዋል።

በሌላ በኩል ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ባሳተመው ጥናቱ የተራቡ ድመቶችን ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይዘጋ ነበር። ድመቷ ገመድ ስትስብ ወይም ማንሻ ስትጫን በሩ ይከፈታል፣ ወጥታ ትበላለች። መጀመሪያ ትቧጭራለች፣ ትናከሳለች፣ በአጋጣሚ ገመዱን ትነካለች። በተደጋገመ ቁጥር ለመውጣት የሚፈጅባት ጊዜ እያጠረ ይሄዳል። እዚህ በሩ በራሱ አይከፈትም። ድመቷ ዝም ብላ ብትቀመጥ እዚያው ናት። በርሁስ ስኪነር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይህን መሥመር ይዞ በአይጥና በእርግብ ሰፊ ሥራ ሠራበት፤ መሠረታዊው ነገር ግን ያው ነው፤ ውጤቱ አድራጎቱን ይከተላል፣ አድራጎቱም ውጤቱን አይቶ ይበዛል ወይም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ መለያ አለ፤ ብዙ ማስታወሻ ላይ የሚገኝና ብዙ ተማሪ የሚሸመድደው። «ክላሲካል ሳይፈልጉት የሚመጣ ነው፣ ኦፐራንት ፈቅደው የሚያደርጉት ነው» ይላል። ምራቅ ፈቅደን አናመጣውም፤ ቁጭ ማለት ግን ፈቅደን ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህም ነው ሰው የሚያምነው። እኔ ግን ተማሪዎቼ በእሱ እንዲደገፉ አልፈልግም፣ ምክንያቱም የሚከዳበት ቦታ አለ።

በ1968 ብራውንና ጄንኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች የተራበች እርግብን ሣጥን ውስጥ አስገቡ። ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ክብ ቁልፍ ለ8 ሰከንድ ትበራለች፣ ከዚያ እህል ይመጣል። እርግቧ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ያም ሆኖ እርግቦቹ የበራውን ቁልፍ በመንቁራቸው መቆንጠር ጀመሩ። መቆንጠር ለዓይናችን ፈቅዶ የሚደረግ ነገር ይመስላል፤ ስለዚህ አንዱ ተነስቶ «ቆንጥራ እህል ስላገኘች፣ በሽልማት ተምራው ነው» ሊል ይችላል። በቀጣዩ ዓመት በ1969 ዊሊያምስና ዊሊያምስ ይህን ለመፈተን ደንቡን ገለበጡት። እርግቧ ቁልፉን ከቆነጠረች ቁልፉ ይጠፋል፣ እህሉም ይቀራል። ካልቆነጠረች ይመጣላታል። መቆንጠሯ በሽልማት የሚመራ ቢሆን ኖሮ በፍጥነት መተው ነበረባት፣ እያስከፈላት ነውና። ብዙዎቹ ግን መቆንጠራቸውን ቀጠሉ፤ እህላቸውን በገዛ አፋቸው እያስቀሩ። ብርሃኑ እህልን ስላበሰረ ብቻ መንቁራቸውን ወደ እሱ ይስበው ነበር። «ፈቅዳ ነው ወይስ ሳትፈቅድ?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህች እርግብ ምንም አይነግረንም። «እህሉ የተንጠለጠለው በምን ላይ ነው? መቆንጠሯስ ያንን ተከትሎ ይለወጣል ወይ?» የሚለው ግን ይነግረናል።

በውሻ ላይም ተሞክሯል። ሼፊልድ የተባለ ተመራማሪ በ1965 ባሳተመው ሥራ ድምፅ ያሰማና ምግብ የሚሰጠው ውሻው ምራቁን ካላፈሰሰ ብቻ ነበር። ካፈሰሰ ምግቡ ይቀራል። ውሻው ለረጅም ጊዜ ምራቁን ማፍሰሱን አልተወም። ምራቁ ለዋጋ የሚታዘዝ አልነበረም፤ ለምልክቱ ነበር የሚታዘዘው።

ይህ ደንቡን መገልበጥ የምትሉት ሙከራ ለእናንተም ምርጥ መሣሪያ ነው፣ ወረቀት ላይ ብቻ ብትሠሩትም። ጣና ዳር ያለው ልጅ ነገ ጠዋት ደንቡን ቢገለብጥ ምን ይሆናል? ውሻው ቁጭ ካለ አይሰጠውም፤ ቆሞ ከጠበቀ ይሰጠዋል። ጥቂት ጠዋቶች ያወዛግቡታል፣ ከዚያ ግን መቀመጡን ትቶ መቆም ይለምዳል። ቁጭ ማለቱ በውጤቱ የተያዘ ነበርና ውጤቱ ሲዞር አብሮ ይዞራል። «ምራቅህ ከወረደ አልሰጥህም» ቢለውስ? ምራቁ ያው ይወርዳል።

ስለ ክላሲካል አንድ ነገር ልጨምር፣ ሞጁሉ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ስለሆነ። ተማሪ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከመጣ ትምህርት ይፈጠራል ብሎ ያስባል። አንድ ላይ መምጣት ብቻውን አይበቃም። ሮበርት ሬስኮርላ በ1968 በአይጦች ያሳየው ምልክቱ የሆነ ነገር መናገር እንዳለበት ነው፤ ነገሩ ምልክቱ ባለበትም በሌለበትም እኩል የሚመጣ ከሆነ ምልክቱ ምንም አያበስርም፣ እንስሳውም አይማረውም።

ጣና ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ አምባዛ ግን ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ለስላሳ ነው። ስለዚህ አምባዛ ሲጸዳ ያ የመፋቅ ድምፅ የለም፣ ሆድ ዕቃ ግን አለ። ያ ልጅ በአብዛኛው ቆሮሶ የሚያጸዳ ስለሆነ ድምፁ ለቡቺ ብዙ ይናገራል። ከእሱ አጠገብ ሌላ ሰው ቀኑን ሙሉ አምባዛ እያጸዳ ያለ ምንም ድምፅ ሆድ ዕቃ ቢወረውርለት ኖሮ የመፋቁ ድምፅ ዋጋው ይወርድ ነበር። ድምፁና ምግቡ አሁንም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ግን ምግቡ ያለ ድምፁም ስለሚመጣ ድምፁ አዲስ ወሬ አይነግረውም።

ወደ ሰው ልምጣ፤ ሁለቱ ትምህርቶች ተያይዘው የሚሠሩበትን ጉዳይ በዝርዝር ላሳያችሁ። ይህን ካያችሁ በኋላ «የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የትኛው ክፍሉ የትኛው ነው?» ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ይገባችኋል።

የዘጌ ልጅ የሆነች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ወደ ቤቷ የምትሄደው በጀልባ ነበር፤ ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጣና ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይጀምራል። አንድ ቀን አርፍዳ ከሰዓት በኋላ ተሳፈረች። መሐል ላይ ጀልባው ወደ ጎን አዘነበለ፣ ውኃ ገባ፣ ሰው ጮኸ። ማንም አልተጎዳም፤ ደረሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወደብ ላይ ቆማ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማና የቤንዚኑ ሽታ ሲመታት ልቧ ይመታል፣ መዳፏ በላብ ይርሳል። ጀልባው ዳር ላይ ታስሮ ቢሆን እንኳ። ስለዚህ በየብስ መንገድ በመኪና መሄድ ጀመረች፤ አቧራውንና መንገጫገጩን ችላ። አንድ ዓመት ሙሉ ጀልባ አልወጣችም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም።

እስቲ ጥያቄዋን እንጠይቅ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ጀልባው ያዘነበለው እሷ የሆነ ነገር ስላደረገች ነው? አይደለም። ምንም ብታደርግ ምንም ባታደርግ ያዘነብል ነበር። ስለዚህ የሞተሩ ድምፅ ፍርሃት ማምጣቱ ክላሲካል ነው። ማዘንበሉና ውኃው አንኮንዲሽንድ ስቲሙለስ፣ ድንጋጤው አንኮንዲሽንድ ሪስፖንስ፣ ድምፁና የቤንዚኑ ሽታ ኮንዲሽንድ ስቲሙለስ፣ አሁን ወደብ ላይ የሚመታው ልብ ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ። አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ አያስገርማችሁ፤ ብርቱ ድንጋጤ በአንድ ጊዜ ሊያስተምር ይችላል።

ቀጥሎ፦ በመኪና መሄዷስ? ወደቡን ለቃ ወደ መናኸሪያው ስትዞር ልቧ ይረጋጋል። ባትዞር አይረጋጋም ነበር። መረጋጋቱ የተንጠለጠለው በአድራጎቷ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህኛው ኦፐራንት ነው። የሚያስጨንቅ ነገር ስለሚወገድላት አድራጎቷ ይበረታል፤ የዚህ ስም አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው። ፈተና ላይ እጅግ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ። «አሉታዊ» የሚለውን ቃል ስናይ «መጥፎ»፣ ከዚያም «ቅጣት» እንላለን። እዚህ ግን አሉታዊ ማለት የመቀነስ ምልክት ነው፤ አንድ ነገር ተነሳ፣ ተወሰደ ማለት ነው። ማጠናከሪያ ማለት ደግሞ አድራጎቱ በዛ ማለት ነው። ሁለት ነገር ብቻ እዩ፤ የሆነ ነገር ተጨመረ ወይስ ተወሰደ? አድራጎቱስ በዛ ወይስ ቀነሰ? የተማሪዋ ፍርሃት ተወሰደ፤ በመኪና መሄዷ በዛ። ቅጣት ቢሆን ኖሮ አድራጎቱ ይቀንስ ነበር። ሱቅ በር ላይ ካራሜላ ብሎ የሚጮኽ ልጅና እናቱንም በዚሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ለልጁ ካራሜላ ተጨመረ፣ ለእናቱ ጩኸት ተወሰደላት። ነገ እሱ ይጮኻል፣ እሷም ትገዛለች፤ ሁለቱም ተጠናክረዋል።

አሁን ዋናው ቁም ነገር ጋ ደረስን። ለምንድን ነው ፍርሃቷ በአንድ ዓመት ያልጠፋው? ሰው ሁሉ «ጊዜ ይፈውሰዋል» ይላል። ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ የሚከስመው ምልክቱ እየመጣ የሚያበስረው ነገር ሲቀር ነው፤ ድምፁ ተሰምቶ፣ ጀልባው ሄዶ፣ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ ደጋግሞ። እሷ ግን ምልክቱን አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አልቆየችበትም። ድምፁን ሰምታ ትሸሻለች። ስለዚህ ድምፁ ውሸታም መሆኑን የምታውቅበት ዕድል አላገኘችም። ክላሲካሉ ፍርሃቱን ፈጠረ፤ ኦፐራንቱ ደግሞ ፍርሃቱ እንዳይከስም ጠበቀው። ማውረር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1947 ሁለቱን እንዲህ አያይዞ አቅርቦታል፤ የሁለት ምክንያት ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ሁሉን ነገር አይገልጽም፤ ሰው መሸሽን ከለመደ በኋላ ምንም የፍርሃት ምልክት ሳይታይበትም በልማድ መሸሹን ይቀጥላልና። ለዚህች ልጅ ጉዳይ ግን በደንብ ይሠራል።

መፍትሔውም ከትንታኔው ይወጣል። «አትፍሪ፣ ጀልባ ደህና ነው» ማለት አይረዳም፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች። በመኪና በሄደች ቁጥር መገሰጽም አይረዳም፤ ፍርሃቱን አይነካውም። የሚረዳው ማምለጫውን ዘግቶ ምልክቱን በልክ በልክ ማቅረብ ነው። ከእሷ ጋር ያደረግነው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ጠዋት፣ ሐይቁ ረግቶ ሳለ፣ ሞተሩ እየሠራ ወደብ ላይ መቆም፤ ልቧ እስኪረጋጋ፣ ሳትሄድ። ልብ በሉ፣ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ከሄደች መሸሹን እንደገና አጠናከርነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለደቂቃዎቹ ቁጥር አልሰጠንም፣ መለኪያው መረጋጋቱ ነበር። ሲቀልላት በታሰረው ጀልባ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ ዳር ዳሩን አጭር ጉዞ፣ ከዚያ በጠዋት እስከ ዘጌ።

በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «መምህር፣ ትናንት ጠፍቶልኝ ነበር፤ ዛሬ ወደቡ ላይ ስደርስ እንደገና መጣብኝ፤ ከንቱ ነው የለፋነው» አለችኝ። ከንቱ አልነበረም። ፓቭሎቭም ያየው ነገር ነው፤ የከሰመ ምላሽ ከዕረፍት በኋላ ተመልሶ ብቅ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ደከም ብሎ። ስሙ ድንገተኛ ማገገም ነው። የሚያሳየው መክሰም ማለት የድሮው ትምህርት ተፋቀ ማለት አለመሆኑን ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ትምህርት ተጻፈበት እንጂ። ያንኑ ቀን ደግመን ቆምን፤ ከትናንቱ ፈጥኖ ለቀቃት። ፍርሃቱ ከዚህ የጠነከረ ቢሆን፣ እንቅልፍ የሚነሳ ወይም ሰው ሲሞት የታየበት ቢሆን፣ እኔ አልነካውም ነበር፤ ወደ ባለሙያ ነበር የምልካት።

የኦፐራንት ልማድ ሲከስም ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ይህንንም ከውሻው ማየት ይቻላል። ልጁ አንድ ሳምንት ቤተሰብ ጥየቃ ሄዶ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ይህኛው ሆድ ዕቃውን በባልዲ ያጠራቅማል፣ ለማንም አይወረውርም። ቡቺ መጥቶ ቁጭ አለ። ምንም የለም። ጠጋ ብሎ ቁጭ አለ። ምንም የለም። ከዚያ ከዚህ በፊት አይቼበት የማላውቀውን አደረገ፤ ጮኸ፣ በፊት እግሩ አሸዋውን ጫረ፣ የሰውየውን ጉልበት ነካ። ሽልማት የለመደ አድራጎት ሽልማቱ ሲቆም ከመጥፋቱ በፊት መጀመሪያ ሊበረታ፣ ሊለዋወጥ ይችላል። ብዙ ወላጅ የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው፤ ለጩኸት ካራሜላ አልገዛም ብሎ ይወስንና በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ሲብስ «አልሠራም» ብሎ ይገዛል። ያኔ ልጁ የተማረው በጣም መጮኽ እንደሚያዋጣ ነው። አዲሱ ሰውዬም አንድ ጊዜ እንኳ ተሰላችቶ ቢወረውርለት ቡቺ የሚለምደው መቀመጥን ሳይሆን አሸዋ መጫርን ነበር። አልወረወረለትም። በአምስተኛው ጠዋት ውሻው ከዛፉ ሥር አልተነሳም። የቢላው ድምፅ ሲጀምር ግን ምላሱ በከንፈሩ ዙሪያ አሁንም ዞረች።

ነጭ ጋውን አይቶ ወደሚያለቅሰው ሕፃን ልመለስ። ጥያቄው እንደቀረበ መልስ የለውም፣ ምክንያቱም ልቅሶው በምን ላይ እንደተንጠለጠለ አልተነገረንም። ጋውኑ መርፌን ስላበሰረ ፈርቶ ከሆነ፣ መርፌው ቢያለቅስም ባያለቅስም ይወጋዋልና ፍርሃቱ ክላሲካል ነው። ልቅሶው እናቱ ተነስታ ይዛው እንድትወጣ የሚያደርጋት ከሆነ ግን ልቅሶው ኦፐራንት ሥራም ይሠራል። የሚለየው እንዲህ ነው፤ እናቱ ለልቅሶው መውጣቷን ትታ አጠገቡ አቅፋው ትቀመጥ፤ ጋውን የለበሰችው ነርስም ያለ መርፌ ጥቂት ቀን እየመጣች ታጫውተው። ገና ነርሷ ጋውኗን ለብሳ ስትገባ የሕፃኑን ዓይንና ትንፋሽ አንዱ ሰው ይመልከት፤ እናቱ ሳትነሳ ስትቀር ደግሞ ልቅሶው ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ሌላው ይቁጠር። ሁለቱ ማስታወሻዎች በአንድ ፍጥነት ላይቀንሱ ይችላሉ። ፈተና ላይ ይህ ጥያቄ ከመጣላችሁ ሁለቱንም ክፍል ለያይታችሁ ጻፉት።